ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ የወር ባጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (ከደሴ)

እኔ ደሴ ላይ አራት አመት ተከራይቼ ነው የተማርኩት፣ አሁን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከወረኢሉ መጥታ እዚሁ ኮሌጅ ገብታ ከአንዲት የወልድያ ልጅ ጋር በደባልነት ተከራይታ ትኖራለች። ባጀቷን መጀመሪያ አብረን ነው የሰራነው፣ ከዛ በኋላ በራሷ ደብተር እየመዘገበች ቀጥላለች። እሷም ጓደኞቿም ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ዋጋዎቹ ከሷ ደብተር የተወሰዱ ናቸው፣ እናንተ ሰፈር ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን አሰራሩን ነው መውሰድ ያለባችሁ። የትምህርት ክፍያ እዚህ ውስጥ የለም፣ እሱን ቤተሰብ ለብቻው ነው የሚከፍለው።

ብሩ ለወሩ ይበቃል ተብሎ ነው የሚላከው፣ ታዲያ ለምንድነው ወሩ 20 ሲል የሚያልቀው?

ብዙ ጊዜ ብሩ አንሶ አይደለም። ብሩ የሚገባበት ቀንና የሚወጣበት ቀን ስለማይገጥም ነው። ኪራይ የሚከፈለው በኛ አቆጣጠር ወር ሲገባ ነው አይደል፣ ደሞዝ ላይ ያለ ወንድም ወይ እህት የሚልክላችሁ ግን መስሪያ ቤቱ በፈረንጅ ወር የሚከፍል ከሆነ ብሩ የሚደርሳችሁ በኛ 21 ወይ 22 አካባቢ ነው። የአክስቴ ልጅ ይሄው ነው የገጠማት፣ አባቷ 5,000 ብር ወር ሲገባ ይልክላታል፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሰራው ወንድሟ ደግሞ 1,500 ብር የሚልከው ደሞዝ ሲቀበል ማለትም 21 አካባቢ ነው። እሷ ግን መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቷ ውስጥ "በወር 6,500 አለኝ" ብላ ነው የጀመረችው፣ በ1 እጇ ላይ ያለው ግን 5,000 ብቻ ነው። ያልገባውን 1,500 ቀድማ ስታወጣው ከ15 በኋላ ብድር ጀመረች።

ስለዚህ ባጀት ከመስራታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ማን ይልካል፣ ስንት ይልካል፣ በስንተኛው ቀን ይደርሳል። "ሲያገኝ ይልካል" የሚባለውን አጎት አትጻፉት። የሱ ከመጣ መጠባበቂያ ላይ ይገባል፣ ካልመጣም የሚጎድል ነገር የለም።

እሺ 6,500 ብሩን እንዴት ነው የከፋፈላችሁት?

በሁለት ቦታ ነው የከፈልነው፣ የአባቷ ብርና የወንድሟ ብር የየራሳቸው ስራ አላቸው።

ከአባቷ 5,000 ላይ መጀመሪያ ኪራይ ይወጣል፣ ክፍሉ 3,600 ነው ለሁለት 1,800 ደረሳት። መብራትና ውሃ ለአከራይዋ በየወሩ ቁርጥ 400 ነው፣ የሷ ድርሻ 200። ከዛ የመነሻ አስቤዛ 1,500 (እሱን ከታች አብራራለሁ)። ይሄ ሶስቱ 3,500 ነው፣ ወሩ በገባ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ያልቃል፣ ማለቅም አለበት። ለስልክ የወር ፓኬጅ 200። ከቀረው ላይ 600 እና 600 ለሁለት የመጀመሪያ አስር ቀኖች የዕለት ወጪ ይቀመጣል፣ 100 ብር ይተርፋል፣ እሱ መጠባበቂያ ነው።

የወንድሟ 1,500 ሲገባ ደግሞ 600ው ለመጨረሻው አስር ቀን ምግብ ነው፣ 400 ለባጃጅና ለታክሲ፣ 200 ለፎቶኮፒና ለህትመት፣ ቀሪው 300 ወደ መጠባበቂያ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የባጃጁና የፎቶኮፒው ብር የሚያገለግለው ከ21 ጀምሮ እስከ ሚቀጥለው ወር 20 ድረስ ነው። የሷ የትራንስፖርት ወር ከ21 ነው የሚጀምረው ማለት ነው። መጀመሪያ ግር ይላል ግን አንዴ ከገባችሁ በኋላ በጣም ነው የሚያቀለው፣ ምክንያቱም ማንኛውም ወጪ ገና ያልገባ ብር አይጠብቅም።

"አስር ቀን" ያልከው ምንድነው? ሁሉም ሰው በሳምንት ነው የሚከፋፍለው እኮ

በሳምንት ስትከፋፍሉ 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፣ ወራችን ግን ሁሌም 30 ነው። ሁለት ቀን ባጀት የሌለው ይቀራል፣ እነዛ ሁለት ቀኖች ደግሞ መጨረሻ ላይ ኪስ ባዶ በሆነበት ነው የሚመጡት። የኛ ወር ከጳጉሜ በስተቀር 30 ቀን ስለሆነ በሶስት እኩል ይከፈላል፣ ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20፣ ከ21 እስከ 30። ምንም ትርፍራፊ የለውም።

ሶስቱንም ፖስታ ውስጥ በካሽ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ክፍላችሁ ግን ቁልፉ የማያስተማምን ከሆነ አታድርጉት፣ የመጀመሪያውን አስር ብቻ በካሽ አውጡና ሌላው አካውንት ላይ ይቀመጥ። ቴሌብር ላይ አታስቀምጡት ባይ ነኝ፣ ቴሌብር ላይ ያለ ብር ካርድ ሲያልቅም ሱቅ ሲገባም በአንድ ጣት ነው የሚወጣው። እሷ ባንክ አካውንቷ ላይ ትታው በ11 እና በ21 ጠዋት ብቻ ነው የምታወጣው።

የዕለት ወጪ ስል ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ጎመን፣ ዳቦ፣ አንዳንዴ እንቁላል፣ ከጓደኛ ጋር ሻይ፣ እነዚህን ነው። በአስር ቀን 600 ማለት በቀን 60 ነው፣ ግን በቀን 60 ብላችሁ አትያዙት፣ ሽንኩርት ገበያ ቀን ለአስር ቀን የሚሆን ስለምትገዙ አንዱ ቀን 200 ሊወጣ ሌላው ቀን ምንም ላይወጣ ይችላል። ሰኞ ገበያ ወርዶ መግዛትና ከሰፈር ሱቅ በግማሽ ኪሎ እየለቀሙ መግዛት ዋጋው አንድ አይደለም።

የመነሻ አስቤዛው ውስጥ ምን ምን አለ?

ሁለቱ ደባሎች አብረው ነው የሚገዙት፣ ጠቅላላ 3,000 ነው፣ ለእያንዳንዳቸው 1,500። ጤፍ ዱቄት 15 ኪሎ በ130 ሒሳብ 1,950፣ ዘይት ሁለት ሊትር 600፣ ቡና ግማሽ ኪሎ 250፣ ሳሙናና ኦሞ 200። ሽሮና በርበሬ የለም ምክንያቱም ከቤት ነው የሚመጣው። ከወረኢሉ በመኪና እናቷ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ትልክላታለች፣ የወልድያዋ ልጅ ደግሞ ምስርና ድርቆሽ ይመጣላታል።

ስንቅ ከቤት የሚመጣላችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ የላኩትን አትቀበሉ፣ ለእማማ ደውላችሁ ምን ቢላክ እንደሚሻል ንገሯቸው። እናት ልጄ ይርባታል ብላ ዳቦ ጋግራ ትልካለች፣ ዳቦው በሶስት ቀን ይሻግታል። በዳቦው ፋንታ ሽሮ ቢመጣ ወር ይበላል። ከገበሬ ቤት ለመጣ ልጅ ስንቅ ከብር ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ እህል እያለ አባት ብር ለመላክ ሲል እህሉን ሸጦ፣ እናንተ ደግሞ ያንኑ እህል ከተማ ላይ በነጋዴ ዋጋ ትገዙታላችሁ። በመሀል የሚጠፋው የናንተው ብር ነው።

ካፌ መብላት ይሻላል ወይስ ማብሰል?

በሷ ደብተር ደህና የሚባል አንድ ምሳ 120 ብር ነው። በቀን ሁለቴ ካፌ ብትበላ በ30 ቀን 7,200 ይሆናል፣ ኪራይ ሳይከፈል ያላት ብር ሁሉ አይበቃም። ቤት ስታበስል ግን አስቤዛው 1,500 እና ሶስቱ አስር ቀኖች 1,800 ሲደመር 3,300 ነው፣ በቀን 110። ማለትም አንድ የካፌ ምሳ ከአንድ ሙሉ ቀን የቤት ምግብ ይበልጣል። ስለዚህ ካፌ ገብታችሁ አንዴ ስትበሉ "120 አወጣሁ" ብቻ አትበሉ፣ የአንድ ቀን ምግብ በልታችኋል፣ ማታ ደግሞ እራት አለ።

ይሄን ስል ካፌ አትግቡ ማለቴ አይደለም። ፈተና ሳምንት ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ማጥናት አይመችም፣ ያን ጊዜ ሶስት አራት ቀን ካፌ ብትበሉ እኔም እመክራለሁ፣ ግን ከመጠባበቂያው አስባችሁ ይሁን እንጂ ሳታስቡት አይሁን።

እንጀራ መጋገር ያዋጣል ወይስ መግዛት?

ይሄ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። እነሱ ቆጥረውታል፣ በአከራያቸው ምጣድ አንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት እንጀራ ይወጣዋል፣ 15 ኪሎው 90 እንጀራ፣ ለአንድ ሰው 45 ማለት በቀን አንድ ተኩል። የሷ ድርሻ ዱቄት 975 ብር ነው። እንጀራ ብትገዛ አንዱ 25 ነው፣ 45ቱ 1,125 ይመጣል። ልዩነቱ 150 ብር ብቻ ነው። ስድስት እንጀራ ከሻገተባት ያ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ጠፋ።

ስለዚህ መጋገር የሚያዋጣው አንደኛ ጤፉ ከቤት ከመጣ፣ ሁለተኛ ምጣዱና መብራቱ የተለየ ክፍያ ከሌለው፣ ሶስተኛ እንጀራው ሳይሻግት ከተበላ ነው። እነሱ በአምስት ቀን አንዴ 15 እንጀራ ነው የሚጋግሩት፣ እትዬ (አከራይዋ) ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱ እንደጋለ እነሱ ይቀጥላሉ፣ በዛ ላይ ደሴ ብርዳማ ስለሆነ አምስት ቀን ይቆያል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ከደሴ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሙቀቱ ይበዛል፣ አምስት ቀን አይቆይላችሁም፣ እዛ ወይ በሶስት ቀን መጋገር ነው ወይ በሁለት ቀን የሚበቃውን መግዛት። እንጀራው ጠርዙ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ከላይ ጠርጋችሁ አትብሉት፣ ሻጋታው ውስጥ ገብቷል።

አከራዬ ምድጃ አትጠቀሙ ትላለች፣ ለምንድነው? ምን ላድርግ?

አከራይዋ ክፉ ሆና አይደለም። የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰአት ዋጋ ይጨምራል። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ይደመርና ሁሉም ሰው ከፍ ያለው እርከን ውስጥ ይገባል፣ ለብቻው ቢሆን ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀር ተማሪ ጭምር። 1,500 ዋት ምድጃ በቀን ሁለት ሰአት ከበራ 3 ኪሎዋት ሰአት ነው፣ በ30 ቀን 90 ይሆናል። አምስት ክፍል እንደዚህ ቢያደርግ 450፣ ይሄ አምፖልና ስልክ ቻርጅ የሚነካው ነገር አይደለም፣ ሒሳቡን የሚሰራው ምድጃው ነው።

ስለዚህ ቤት ስታዩ ከግድግዳውና ከመስኮቱ በፊት የምትጠይቁት ይሄ ነው፣ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይ፣ ምድጃ ይፈቀዳል ወይ፣ መብራት ቁርጥ ነው ወይስ በቆጠረው። ምድጃ የማይፈቀድበት ርካሽ ክፍል ርካሽ አይደለም፣ 500 ብር ኪራይ ላይ ቀንሳችሁ ካፌ ላይ ከዛ በላይ ትከፍሉታላችሁ። የአክስቴ ልጅ ከተከራየችው በፊት ያየችው ክፍል እንደዛ ነበር፣ ትታው መጣች፣ ጥሩ አደረገች።

ከተከለከላችሁ በኋላ ተደብቆ ማብሰል ግን አይሆንም። ሂዱና "እትዬ፣ በቀን አንዴ ብቻ ላብስል፣ ለመብራት ይሄን ያህል ልጨምር" በሉ፣ አብዛኛዎቹ ይስማማሉ። ከሰል ላይ ልስራ ካላችሁ ደግሞ ውጪ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ደሴ ሲበርድ ፍሙን ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የሚያደርጉ ልጆች አውቃለሁ፣ ወላሂ እንዳታደርጉት፣ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ነው በእንቅልፍ ላይ የሚገድለው።

ከደባል ጋር ወጪ እንዴት ነው የምንካፈለው? እኔ ሙስሊም ነኝ እሷ ክርስቲያን ናት

የነሱም እንደዛው ነው፣ ወሎ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ያደረጉት ቀላል ነው፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ አትክልት፣ ቡና፣ ሳሙና የጋራ፣ ስጋ የየግል። ስጋ የምትገዛ በራሷ የአስር ቀን ብር ነው የምትገዛው፣ የስጋ ድስት ሁለት ነው፣ አንድ አንድ። ይሄን መጀመሪያ ቀን ነው መነጋገር ያለባችሁ፣ በዓል ሲመጣ አይደለም።

የጋራውን ደብተር ማን ይያዝ የሚለውም ጥያቄ ይመጣል። አንድ ሰው ይያዘው፣ በወር ይቀያየሩ። ዋናው ነገር ግን "ዛሬ እኔ ልክፈል ነገ አንቺ" የሚለውን ማስቀረት ነው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማን እንደበለጠ አይታወቅም፣ ቅሬታውም ሳይነገር ይጠራቀማል። ጤፍ፣ ዘይት፣ ቡናና ሳሙና ከመነሻ አስቤዛው ይገዛል፣ አትክልትና በመሀል ያለቀ ነገር ሲገዛ ሁለቱም እኩል ያወጣሉ፣ በቃ።

የመጀመሪያውን አስር ቀን ካለፍኩ ወሩ ተበላሸ ማለት ነው?

አልተበላሸም። የአስር ቀኑ ጥቅም እንደውም እዚህ ላይ ነው፣ ስህተቱን በ10 ታውቁታላችሁ፣ በ28 አይደለም። በ10 ማታ ቁጭ ብላችሁ የቀረውን ቁጠሩ፣ የወሰዳችሁት 600 ነው፣ ያወጣችሁትን አስሉ።

ህዳር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አክስቷ ለህክምና ከገጠር መጥተው ሁለት ቀን እሷ ጋር አደሩ። እንግዳ ሲመጣ ሽሮ አቅርቦ ዝም አይባልም፣ ቡናውም ሶስት ጊዜ ነው የሚፈላው፣ ዳቦውም እንቁላሉም ተገዛ፣ ሐኪም ቤት ባጃጅም ተከፈለ። በ10 ስትቆጥር 840 አውጥታለች፣ 240 ትርፍ። ደንግጣ ደወለችልኝ፣ የሚቀጥለውን አስር በ360 ልኑር አለችኝ። አብሽሪ አልኳት። በ360 አስር ቀን አይኖርም፣ ሶስተኛው ቀን ላይ ትርቢያለሽ፣ ከዛ ተስፋ ቆርጠሽ ሁሉንም ትተዪዋለሽ። 240ውን ለሁለት ነው የከፈልነው፣ ሁለተኛው አስር 480፣ ሶስተኛውም 480። ከየት ይቀነስ የሚለውን ደግሞ በስም ጻፍነው፣ የጠዋት ዳቦ ቀርቶ ከቤት የመጣው በሶ፣ እንቁላል እስከ ወሩ መጨረሻ የለም፣ ሻይ ቤት ቀርቶ ቤት የተፈላ ቡና። "እቆጥባለሁ" ብሎ መተው አይሰራም፣ የትኛው ነገር እንደቀረ ካልተጻፈ ምንም አይቀርም።

መጠባበቂያውን ለምን አልነካችም ትሉኝ ይሆናል። መጠባበቂያው ለበሽታና ድንገት ቤት ለመሄድ ነው፣ ምግብን በሁለት አስር ቀን ማስተካከል ከተቻለ እሱ አይነካም። ባይቻል ኖሮ ግን ተነክቶ ነበር፣ ረሃብ ተይዞ ብር ማስቀመጥ ትክክል አይደለም።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ፣ ሁለት ወር በተከታታይ የመጀመሪያው አስር ካለፈ ችግሩ የእናንተ ጸባይ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። 600ው አይበቃም ማለት ነው፣ እና ባጀቱ ይስተካከል።

ጾም ሲገባ ወጪ ይቀንሳል አይደል?

ሁሌ አይደለም። በ2018 አብይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፣ ስለዚህ እነሱ ቤት ሁለቱም አንድ ላይ ጾሙ። የክርስቲያኗ እንቁላሉና ስጋው ስለቀረ የዕለት ወጪዋ ትንሽ ቀለለ፣ ዘይትና ሽሮ ግን ቶሎ አለቀ፣ ሁለት ሊትሩ ዘይት በ20 ሳይደርስ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ምሳ ቀረላት ግን ማፍጠሪያ ላይ ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ አለ፣ ለሱሁር ደግሞ ጠንከር ያለ ምግብ ያስፈልጋል። የሷ በአስር ቀን ወደ 700 ወጣ።

ያደረጉት ምንድነው፣ ጥር ላይ ቀድመው ተምርና አንድ ሊትር ተጨማሪ ዘይት ገዙ፣ ጾም ሊገባ ሲል ዋጋ ስለሚጨምር። ሳምቡሳውን ከውጪ መግዛት አቁመው ምስሩን ቤት ቀቅለው በሁለት ቀን አንዴ ጠበሱ። የመግሪብ አዛን ሲል ሁለቱም አብረው ነበር ቁጭ የሚሉት፣ ምግቡ የጾም ስለሆነ ለሁለቱም ይሆናል፣ እንደውም በዛ ወር ነው የጋራ ወጪያቸው በደንብ የተስተካከለው።

ቤተሰቦቼ ገበሬ ናቸው፣ በየወሩ እኩል መላክ አይችሉም

እንግዲያውስ የወር ባጀት ብቻ አይበቃችሁም፣ የአመት ካላንደር ያስፈልጋችኋል። እህል ተወቅቶ የሚሸጠው ከህዳር መጨረሻ እስከ ጥር ነው፣ ያን ጊዜ ብር አለ። ከግንቦት በኋላ እየጠበበ ይሄዳል፣ የዘር፣ የማዳበሪያ ወጪ ይመጣል። ስለዚህ ለአባባ "በየወሩ 5,000 ላክልኝ" ከማለት "ጥር ላይ ከሸጥክ የሁለት ወር ኪራይ አንዴ ላክልኝ" ማለት ይሻላል። ያ ብር ሲመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ለአከራይ ይከፈልና ደረሰኝ ወይ የባንክ ትራንስፈሩ ስክሪንሾት ይያዝ። እጃችሁ ላይ ከቆየ የወር ብር ይመስላል፣ ይበላል።

ክረምት ቤት ስሄድ የክፍሉን ኪራይ መክፈል አለብኝ?

ይሄን ማንም ቀድሞ አያስብም ግን ትልቅ ወጪ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቤተሰብ ጋር ሄዳችሁ ክፍሉን ሳትለቁ ካቆያችሁ የሁለት ወር ኪራይ ማለት ነው፣ በሷ ሒሳብ 3,600 ብር፣ አንድ ቀን ላልታደረበት ክፍል። ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው ሰኔ ሳይገባ ከአከራይ ጋር ተነጋግሮ በግማሽ ማስያዝ፣ ክፍሉን ለእቃ ብቻ ነው የምንጠቀመው ብላችሁ። ሁለተኛው ለቅቃችሁ እቃውን ከሚቀር ጓደኛ ጋር ማስቀመጥና መስከረም ላይ አዲስ መፈለግ፣ ይሄ ግን መስከረም ላይ ተማሪ ሁሉ ስለሚፈልግ ኪራይ ይወደዳል። ሶስተኛው ክረምት ኮርስ ያለው ተማሪ ፈልጋችሁ አከራይዋ እያወቀች ለሁለት ወር ማስገባት።

እነሱ የመጀመሪያውን መርጠዋል፣ እትዬ በግማሽ ተስማምታለች፣ የሷ ድርሻ ለሁለቱ ወር 1,800 መጣ። ያንን ለመክፈል ከጥር ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ለስድስት ወር ከመጠባበቂያዋ 300 እያነሳች ለብቻ ታስቀምጣለች። መጠባበቂያዋ 400 ስለሆነ በነዚህ ወራት የሚቀራት 100 ብቻ ነው፣ ይጠባል፣ ለዛ ነው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ያጠራቀመችውን 1,200 ሳትነካው የያዘችው።

ቅድሚያ ሶስት ወር፣ ስድስት ወር ክፈሉ የሚሉ አከራዮች አሉ፣ እንዴት ነው?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ ክልል ላይ ግን ተግባራዊ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው፣ ስለዚህ የከተማችሁን አስተዳደር ጠይቁ። እኔ የምለው በወረቀት የተጻፈ ውል ይኑራችሁ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ኪራዩ፣ መብራቱና ውሃው፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር። እኔ ሁለተኛ አመት ላይ ውል ሳይኖረኝ በወሩ መሀል ኪራይ ተጨመረብኝ፣ የማሳየው ወረቀት ስለሌለኝ ከፈልኩ።

ብር ሲያልቅ ከስልክ መበደር ጥሩ ነው?

ለአንድ አስቸኳይ ነገር ይሆናል፣ ለምግብ ግን አይሆንም። ብድሩ ክፍያ አለው፣ የምትመልሱት ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ብር ነው፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ወር ሳይጀመር ቀንሷል። ሁለት ወር ከተደጋገመ በ20 የሚያልቀው ብር በ15 ማለቅ ይጀምራል። ከዛ በፊት ለደባላችሁ ንገሩ፣ ለቤትም ደውሉ። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ወር ብድር ውስጥ ስትገባ ለእናቷ ለመናገር አፍራ ሶስት ሳምንት ዝም ብላ ነበር፣ በመጨረሻ ስትናገር እናቷ በማግስቱ ጠዋት በመኪና አንድ ከረጢት ሽሮ ላከችላት፣ ያ ሽሮ ነው ብድሩን ለመክፈል ጊዜ የሰጣት።